ዕቃው ለሁለት፣ ዕዳው ለሦስት

እናንተ እዚህ አገር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆች ስለ ሱቃችን ስትጠይቁኝ፣ ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ አጀማመሩን ነው። በስንት ሼቄል ጀመራችሁ፣ ቋንቋውን እንዴት ቻላችሁት፣ በርበሬውን ከየት አመጣችሁት ትላላችሁ። አጨራረሱን የጠየቀኝ የለም። እኔን ግን እስካሁን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሱቅ ሲከፈት ሰው የሚያስበው ስለ ትርፍ ብቻ ነው፤ ሲካፈሉ ግን «የእኔ» የምንለው ነገር በእውነት ምን እንደሆነ ማሰብ ግድ ይላል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሁለት ሰዎች ተስማምተው፣ ሳይጣሉ ሲለያዩ፣ በመካከላቸው ያለውን ሁሉ እንደፈለጉ ሊከፋፈሉት ይችላሉ ወይ? በመጀመሪያ ሲሰሙት መልሱ «አዎ፣ ከተስማሙ ማን ያገባዋል!» ይመስላል። እኔም ሸሪኬም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር።

ጎንደር አገር ሳለን ሽርክና የምናውቀው በበሬ ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም፤ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል። ዛሬ የእኔን ማሳ፣ ነገ የአንተን እያልን እናርሳለን። መቀናጆ ይባላል። ይህ ሽርክና ሲፈርስ ሽማግሌም ጸሐፊም አያስፈልገውም፤ ቀንበሩ ይወርዳል፣ ሁሉም በሬውን እየነዳ ይሄዳል። ምክንያቱም በሬዎቹ አንድ ቀን እንኳ የጋራ ሆነው አያውቁም፤ የጋራ የነበረው ሥራው ብቻ ነው። ሱቅ እንደዚያ አይደለም። እኔ ያስገባሁት ገንዘብ ሽሮ ሆነ፣ እሱ ያስገባው ቡና ሆነ፣ ቡናው ተሽጦ ፍሪጅ ሆነ፣ ሽሮው በዱቤ ተሰጥቶ በደብተር ላይ ስም ሆነ። «በሬዬን ስጠኝ» ብትል የትኛው ነው በሬህ?

እኔ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጣሁ። እሱ ከእኔ ቀደም ብሎ በሱዳን በኩል የመጣ ነው። ቂርያት ጋት ውስጥ፣ በድሮው ሰፈር፣ በ2010 አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትን። የሐበሻ ሸቀጥ ነው፤ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበና፣ ለስግድ በዓል ደግሞ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ። እኔ 30 ሺህ ሼቄል አስገባሁ፣ እሱ 20 ሺህ። እኔ ባንኮኒው ላይ ነኝ፣ እሱ መኪና ስለሚነዳ ዕቃ ያመጣል፣ ያወርዳል፣ ይጭናል። ውላችን ግማሽ ገጽ ናት፤ ማን ስንት እንዳስገባና «ትርፍ እኩል» የሚል ብቻ አለባት።

በ2018 ከከተማው በስተሰሜን አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት እየሞላ ሄደ። ወጣት ባለትዳሮች ወደዚያ ገቡ፤ ከእነሱም ውስጥ የእኛ ደንበኞች ልጆች ነበሩ። ሸሪኬ «ሰዉ ወደሄደበት እንሂድ» አለ። እኔ ኪራዩን ሰማሁና ዕድሜዬን ቆጠርኩ፣ አሮጌው ሰፈር ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም አሰብኩ፤ እዚሁ እቀራለሁ አልኩ። ጠብ የለም። እሱ እዚያ የራሱን ይከፍታል፣ እኔ የድሮዋን ሱቅ እይዛለሁ። ቀኑን ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛችን መረጠችልን። የእኛው ልጅ ናት፣ እንደ እናንተ እዚህ የተወለደች። «ጋሼ፣ በዲሴምበር 31 አድርጉት። ለታክስ የዕቃ ቆጠራ ለማንኛውም ግዴታችሁ ነው፤ አንዱ ቆጠራ ለሁለቱም ይሆናል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የብዙ ሰው ሽርክና የሚበላሽበት ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ዕቃውን የቆጠርነው ሰኞ ማታ ሱቁን ዘግተን ነው። አንዳችን እየነካን እንቆጥራለን፣ ሌላችን ይጽፋል፤ መደርደሪያው ሲያልቅ ቦታ እንቀያየርና እንደገና እንቆጥራለን። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ሦስተኛ ጊዜ ይቆጠራል። ይኸ ቀላሉ ነው። ከባዱ ዋጋው ነው። ሸሪኬ ከደረሰኙ ላይ የከፈልነውን ሙሉ ዋጋ መጻፍ ጀመረ። ልጅቷ አስቆመችን። መዓም፣ ማለትም በወቅቱ 17 በመቶ የነበረው ግብር፣ ለተመዘገበ ነጋዴ ተመልሶ ይታሰብለታል። በ117 ሼቄል የገዛነው ከረጢት ለእኛ የወጣው በ100 ነው። ከነመዓሙ ብንቆጥር የሌለንን ገንዘብ ልንካፈል ነው ማለት ነው። ሁለት ነጋዴ ሲለያይ «ዕቃው ከተባለው ያንሳል፣ ሰርቀኸኛል» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ሌባው ይህ 17 በመቶ ነው።

ቀጥሎ ያልተሸጠው አለ። ከስግድ የተረፉ ስድስት ቀሚሶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ በ250 የተገዛ። ስግድ በኖቬምበር መጀመሪያ አለፈ፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ማን ይገዛቸዋል? ቢበዛ 150 ያወጣሉ። ቀለሙ የሄደ በርበሬ ነበር፣ ነቀዝ የጀመረው ዱቄት ነበር፣ ቀኑ ሊያልፍ አንድ ወር የቀረው ቆርቆሮም ነበር። የተገዛበትን ዋጋ እንጻፍ ወይስ የሚያወጣውን? የሒሳብ ሰዎች ደንብ ከሁለቱ ያነሰውን ጻፍ ይላል። ደንቡ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያወጣውን የሚገምተው ማነው? እኔ ያደረግነው እንዲህ ነው፤ ማንም ለአንድ ዕቃ ዋጋ ከጠራ፣ በዚያው ዋጋ ራሱ ለመውሰድ ዝግጁ መሆን አለበት። ሸሪኬ ቀሚሶቹን «200» አለ፤ «በ200 ትወስዳቸዋለህ?» አልኩት። ሳቀና «150» አለ። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ክርክር በዚህች ጥያቄ አለቀ። ሁሉም ተደምሮ ዕቃው 96 ሺህ ሼቄል ሆነ።

ፍሪጁ፣ የበርበሬ ወፍጮውና መደርደሪያው ግን ለሁለት አይቆረጡም። እዚህ ላይ የረዳን ጎረቤታችን የነበረ አንድ ሞሮካዊ ሽማግሌ ነው። «ጉድ ኦ አጉድ አድርጉ» አለን። እኔና ሸሪኬ ተያየን፤ በእኛ ቋንቋ ጉድ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ «ጉድ ሊያመጣብን ነው» ብለን ሳቅን። ነገሩ ግን ታልሙድ ውስጥ፣ ባባ ባትራ በሚባለው ክፍል ያለ የአራማይክ ቃል ነው። አባቶቻችን ኦሪትን እንጂ ታልሙድን አያውቁም ነበርና ለእኛ አዲስ ነበር። ትርጉሙ «ወይ አንተ ዋጋ ቁረጥ ወይ እኔ ልቁረጥ» እንደማለት ነው። የማይከፈል ነገር የጋራ ከሆነ፣ አንዱ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው ደግሞ በዚያ ዋጋ መግዛት ወይም መሸጥ ይመርጣል። አሳንሶ ቢጠራ ሌላው ይገዛበታል፤ አብዝቶ ቢጠራ ሌላው ይሸጥለታል። ስለዚህ የልቡን ይጠራል። እኔ 20 ሺህ አልኩ፣ ሸሪኬ «ያንተ ይሁን» አለ።

ነገር ግን ይህ ዘዴ የሚሠራው ሁለቱም የመግዛት አቅም ሲኖራቸው ብቻ ነው። አንዱ ኪሱ ባዶ ከሆነ፣ ባለገንዘቡ ሆን ብሎ ዝቅተኛ ዋጋ ጠርቶ ሊወስድበት ይችላል፤ ምረጥ ቢሉት ምን ይመርጣል? እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምታዩት ዘዴውን ሳይሆን የሌላውን ሰው ኪስ ይሁን። ሸሪኬ ያኔ አዲስ ሱቅ ለመክፈት ብድር ተፈቅዶለት ነበር፤ ቢፈልግ መግዛት ይችል ነበር። ባይችል ኖሮ እኔ ዋጋ ጠሪ አልሆንም ነበር፤ ውጭ ያለ ገማች እንጠራ ነበር።

እንግዲህ በእጃችን ያለው 96 ሺህ ዕቃ፣ 20 ሺህ መሣሪያ፣ 14 ሺህ ደግሞ በባንክ፣ ድምሩ 130 ሺህ ነው። ዕዳችን ደግሞ ለጅምላ አስመጪው 38 ሺህ፣ ለባንክ 16 ሺህ፣ ለግብር 6 ሺህ፣ ድምሩ 60 ሺህ። የሚቀረው 70 ሺህ ነው። የዱቤ ደብተሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሸሪኬ «ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት» አለ። እኔ «አይደለም» አልኩ። የአገሩ የሽርክና ሕግ፣ የ1975ቱ፣ ሽርክና ሲፈርስ ተራ አስቀምጧል። መጀመሪያ የውጭ ሰው ዕዳ ይከፈላል፤ ቀጥሎ ከሸሪኮቹ አንዱ ለሱቁ ያበደረው ካለ ይመለስለታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ያስገባው መነሻ ገንዘብ ይመለሳል፤ የተረፈው እንደ ትርፍ አከፋፈላቸው ይከፈላል። እኔ 30 ሺህ፣ እሱ 20 ሺህ መልሰን ስንወስድ 20 ሺህ ይተርፋል፤ እሱ እኩል ይከፈላል። ለእኔ 40 ሺህ፣ ለእሱ 30 ሺህ።

የእሱ ክርክር ግን የሞኝ ክርክር አልነበረም። «ዘጠኝ ዓመት ጀርባዬ የተሸከመው ከረጢት የት ተጻፈ? ያንተ 10 ሺህ ብልጫ ተጽፎ ተቀምጧል፣ የእኔ ወገብ አልተጻፈም» አለ። ይህን ሌሊት ሙሉ አሰብኩት። እውነቱን ነው፣ ወረቀት የሚያስታውሰው ገንዘብን ነው። ግን እኔ ብዙ አስገብቼ ትርፉን እኩል የተካፈልነው ለምን ነበር? ለዚያው ለጉልበቱ ነው። በየዓመቱ ትርፍ ስንካፈል ወገቡ ተከፍሎታል፤ አሁን ከመነሻው ገንዘብ ላይ እንደገና ቢከፈል ሁለት ጊዜ ይሆናል። ይህን ስነግረው ዝም አለ፣ በማግስቱ «በሕጉ ይሁን» አለኝ። ተስማማ ማለቴ ነው እንጂ አመነ ማለቴ አይደለም። ዛሬም ቢጠየቅ የሚያምን አይመስለኝም፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሰው በማያምንበት ነገርም በሰላም ሊስማማ ይችላል።

አሁን ወደ ዕዳው። እኛ «የአስመጪውን ዕዳ እኩል እንካፈል፣ አንተ 19፣ እኔ 19» ብለን ተጨባበጥን። ልጅቷ ግን «ጋሼ፣ እናንተ ተጨባበጣችሁ፤ አስመጪው የት ነበር?» አለችን።

ነገሩ ይህ ነው። በሽርክና ሕግ እያንዳንዱ ሸሪክ ለሱቁ ዕዳ በሙሉ ተጠያቂ ነው፤ ለግማሹ አይደለም። አስመጪው ፈልጎ 38ቱንም ሺህ ከእኔ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ እኔ ደግሞ በኋላ ሸሪኬን ግማሹን ክፈለኝ እለዋለሁ። ከሽርክናው የወጣ ሰውም ከመውጣቱ በፊት ለነበረው ዕዳ ነፃ አይወጣም። በ1969 የወጣ ሌላ ሕግም አለ፤ ዕዳህን ወደ ሌላ ሰው ለማዛወር ከፈለግህ የገንዘቡ ባለቤት መስማማት አለበት ይላል። ይህን ስሰማ ለእኔ ሕግ ብቻ አልመሰለኝም። አስመጪው ዕቃ የሰጠን ሁለታችንን አይቶ ነው። እሱ ቢሞት እሱ አለ፣ ያ ቢታመም ይሄ አለ ብሎ ነው። እኛ ቁጭ ብለን ያንን እምነት ለሁለት ስንቆርጠው፣ ካልጠየቅነው ሰው ንብረት ላይ ቆረጥን ማለት ነው። ዕቃውን ለሁለት መካፈል ይቻላል። ዕዳው ግን ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው አለው፤ እሱ በሌለበት የተደረገ ክፍፍል በእኛ መካከል የተደረገ ወሬ ነው።

ሄድን፣ አስመጪውን ጠየቅነው። በእጁ የሁለታችን ፊርማ ያለባቸው፣ ቀናቸው ወደፊት የሆነ ቼኮች ነበሩ፤ ቼክ ዳሑይ የምትሉት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ሸሪኬ አዲስ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ አዲስ ሱቅ ሊከስር ይችላል፤ ለምን ሁለት ተጠያቂ ይዞ ወደ አንድ ይሄዳል? እውነቱን ነበር። በመጨረሻ የተስማማው ሸሪኬ ለራሱ 19 ሺህ በስድስት ቼክ ከአዲሱ ሒሳቡ ሲጽፍለት፣ እኔም ለራሴ ድርሻ እንዲሁ ስጽፍ፣ እና ሁለታችንም ከእሱ መግዛት እንደምንቀጥል ሲያይ ነው። የድሮዎቹን ቼኮች ቆጥረን ተቀበልን፣ እፊቱ ቀደድናቸው፤ ዕዳው እንደተለወጠም በጽሑፍ ፈረመልን። የድሮውን ቼክ ሳትቀበሉ አዲስ ቼክ አትስጡ። ያንን ያላደረገ ሰው አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ ሲከፍል አይቻለሁ።

ባንኩ ግን እምቢ አለ። ሁለታችንም ለብድሩ የፈረምን ስለሆንን አንዳችንን አልለቅም አለ፤ መብቱ ነው። ስለዚህ ያለው መፍትሔ ከፍሎ መጨረስ ነበር። ከባንክ ካለን 14 ሺህ ግብሩን 6 ሺህ ከፈልን፣ የቀረውን 8 ሺህ ለብድሩ ሰጠን፣ የጎደለውን 8 ሺህ ደግሞ እኔ ከኪሴ ጨመርኩ። ይህ ለሱቁ ያበደርኩት ሆኖ ተጻፈልኝ፤ ስለዚህ የእኔ ድርሻ ከ40 ወደ 48 ሺህ ከፍ አለ።

እንግዲህ ከ48 ሺህ ላይ የተሸከምኩት 19 ሺህ የአስመጪው ዕዳ ሲጨመር 67 ሺህ ሼቄል የሚያወጣ ነገር መውሰድ አለብኝ። 20ው መሣሪያው ነው፣ 47ቱ ዕቃ። ሸሪኬ 30 ሺህና 19 ሺህ፣ 49 ሺህ ዕቃ። ድምሩ 96 ሺህ ገጠመ። ሲገጥም ልጅቷ አጨበጨበች፤ እኛ ደክሞን ነበር።

ዕቃውን የከፈልነው እንደ ድሮው ነው፤ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። እኔ 48፣ 48 ሺህ የሚሆኑ ሁለት ክምር ሠራሁ። የትኛው እንደሚደርሰኝ ስለማላውቅ ቀሚሶቹን ሦስት ሦስት አደረግሁ፣ ቡናውንም እንዲሁ። እሱ መረጠ፤ ከዚያ ከእኔ ክምር ላይ 1 ሺህ የሚያወጣ ቡና ጨመርኩለት። የሽርክናው የመዓም ፋይል ስለሚዘጋ ሁለታችንም በየስማችን አዲስ ፋይል መክፈት ነበረብን፤ ሱቁም ለሁለታችን ሔሽቦኒት ጻፈልን። ዕቃው ሳይንቀሳቀስ አዲሱ ፋይል መከፈት አለበት፤ አለበለዚያ የመዓሙን ገንዘብ መልሶ የሚያስብልህ ፋይል የለህም።

አሁን ደብተሩ። 31 ሺህ ሼቄል ዱቤ ነበረበት፤ ሁሉም የእኛው ሰዎች። የማይከፈለው የቱ እንደሆነ ስለማናውቅ ከሒሳቡ ውስጥ አላስገባነውም። ሸሪኬ ስሞቹን እንካፈል አለ። በሕጉ ይችላል፤ ያው የ1969 ሕግ ያበደረ ሰው መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ ተበዳሪውን መጠየቅ የለበትም ይላል። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ገንዘብ የምንሰጠውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው፣ ገንዘብ የሚሰጠንን ሰው ግን መጠየቅ አያስፈልግም። ሕጉ የሚለው ገብቶኛል፤ ለተበዳሪ ለማንም ቢከፍል ያው ነው፣ አበዳሪ ግን ማን እንደሚከፍለው ይለያይበታል።

ለእኔ ግን ያው አይደለም። የሰፈር ዱቤ የባንክ ዕዳ አይደለም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፣ 900 ሼቄል አለባት። እሷ ዱቄት በዱቤ የወሰደችው እኔ ባንኮኒው ላይ ስለነበርኩ፣ ዓይኔን አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ችግሯን ለእኔ ገለጠች እንጂ ለሱቁ አልገለጠችም። ያንን ስም ወስጄ ለሌላ ሰው ባስረክበው፣ ያስረከብኩት 900 ሼቄል ብቻ አይደለም፣ ምስጢሯንም ነው። ሸሪኬ ደግሞ «እኔም እኮ ሸሪክ ነበርኩ፣ ደብተሩን በየቀኑ አየው ነበር» አለ። ልክ ነው። ስለዚህ ምስጢሩ ቀድሞም የሁለታችን ነበር። ግን የሁለታችን መሆኑና ከሁለታችን አንዱ ብቻውን ይዞት መሄዱ ይለያያል።

«እንግዲያው የእሷን እንማርላት» አልኩ። እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅሁት የመጣው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በሰባተኛው ዓመት ዕዳን ልቀቁ ይላል፤ ቄሶቻችን ያስተማሩን ነው። ግን ማነው የሚለቀው? ግማሹ የሸሪኬ ነው። በእሱ ገንዘብ ቸር መሆን ቸርነት ነው ወይ? እኔ የምምረው የእኔን 450 ነው፤ የቀረውን 450 ልምረው አልችልም። ለሷ ደግሞ ግማሽ ምሕረት ምን ይረባታል፤ 450 ያለበት ሰውም ሱቅ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል።

እንዲህ አደረግን። አንድ ዓመት ደብተሩ በእኔ ዘንድ ይቀመጣል። ሸሪኬ ካርሜ ጋት ላይ የተከፈለውን በስልክ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የከፈለ ሰው በየትኛውም ሱቅ ቢከፍል ለሁለታችን ነው። ማንም ሰው ጋ ለጥየቃ አይደወልም፤ ወደ ፍርድ ማስፈጸሚያ፣ ወደ ሆጻኣ ላፖዐል፣ አይኬድም። ለተበዳሪዎቹ ደግሞ ሲመጡ እንነግራቸዋለን፤ ተለያይተናል፣ ዱቤሽ እዚህ ነው፣ እዚያም መክፈል ትችያለሽ። በዓመቱ 19 ሺህ 400 ሼቄል ተከፈለ፤ 9 ሺህ 700 ለእያንዳንዳችን። ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ነው የከፈሉት። አንዳንዱ እንዲያውም ተለያይተናል ሲባል ደንግጦ በማግስቱ ይዞ መጣ፤ በእሱ ምክንያት የተጣላን መስሎት።

የቀረውን 11 ሺህ 600 ግን ጊዜ ብቻውን አይጨርሰውም፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ክስ ሰባት ዓመት ድረስ ሊነሣ ይችላል፣ ለሰባት ዓመት ሸሪክ ሆነን መቆየት ደግሞ አልፈለግንም። ቡና ጠጥተን ስሞቹን በተራ መረጥን፣ አንድ እሱ፣ አንድ እኔ፤ የመረጥከው ስም ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው፣ ብትምረውም ብትጠይቀውም። መጀመሪያ የመረጠው እሱ ነበር። ባሏ የሞተባትን ሴት ስም ጠራ። እኔ ቀና ብዬ አየሁት። «ከእናቴ ወገን ናት» አለና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ሰረዘው።

ከመፈራረማችን በፊት አንድ ወረቀት ለሚያውቁን አከፋፋዮች ሁሉ ላክን፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሸሪኮች አይደለንም፣ አንዱ ያዘዘውን ሌላው አይከፍልም የሚል። ድሮ ሁለታችሁን የሚያውቅ ነጋዴ ካልተነገረው አሁንም ሁለታችሁን አንድ አድርጎ ሊቆጥራችሁ ይችላል፤ ሕጉም ያግዘዋል። በማርች ከአንድ ቅመም አከፋፋይ ለካርሜ ጋት የሄደ ዕቃ ሒሳብ ወደ እኔ መጣ። የወረቀቱን ግልባጭ አሳየሁት፣ ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ።

በውላችን የመጨረሻ መስመር ላይ ደግሞ «ያልታወቀ የድሮ ዕዳ ቢመጣ እኩል እንከፍላለን» ብለን ጽፈን ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ላይ የ2018 የኤሌክትሪክ ማስተካከያ ሒሳብ መጣ፣ 612 ሼቄል። ደወልኩለት። «ስንት ነው የእኔ?» አለ። «306» አልኩት። ማታ ልጁን ላከው፤ 310 ሼቄል ይዞ መጣ፣ አራቱን መልስ ሰጥቼ ላክሁት።